ዕጣ የገዛን ሰሞን

እህቴ ሰው ፊት “አይሆንም” ማለት አይሆንላትም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቷም ብያታለሁ። አንዲት ደንበኛ ለሁለት ቀሚስ የማይበቃ ጨርቅ አምጥታ “እንደምንም አድርጊልኝ” ብትላት፣ እቴቴ የጎደለውን ከራሷ ኪስ ጨርቅ ገዝታ ሞልታ ሰፍታላታለች። ሰው የሚወዳት በዚህ ጠባይዋ ነው። እኔም እወዳታለሁ፤ ግን እኔ አብሬያት ስለምኖር ዋጋውንም አብሬ እከፍላለሁ።

የምንሠራው ከገበያው ጀርባ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ ጠባብ ጠባብ ክፍል ሆኖ በየክፍሉ አንድ ወይ ሁለት የስፌት መኪና ተቀምጧል። ጠዋት መኪኖቹ በአንድ ላይ ሲነሡ ወለሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ እንግዳ ሰው ይደነግጣል፣ እኛ ደግሞ ሲቆም ነው የምንደነግጠው። እኔና እቴቴ በአንዲት ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነው የምንሰፋው። አንዳችን ወንበሯን ወደ ኋላ ከገፋች ሌላዋ መነሣት አለባት። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተጣላን አልቆጥረውም።

ከኮሪደሩ መጨረሻ ግን በሁለት በኩል መስኮት ያለው ሰፊ ክፍል ነበር፤ ተከራይ አጥቶ ተቆልፎ የኖረ። ከምሳ በኋላ እግራችንን ለማፍታታት ስንወጣ በመስታወቱ አሻግረን እናየው ነበር። እዚህ ጋ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ እዚያ የጨርቅ ጠርዝ የሚቆልፈው ኦቨርሎክ፣ ከመስኮቱ ሥር የቁልፍ ቀዳዳ መስፊያው፣ በሩ አጠገብ ሁለት ቅጥር ሠራተኞች፣ እያልን ሰው ሳይሰማን ዕቃ እናስገባበታለን። እቴቴ መኪኖቹን በሐሳቧ ስትደረድር ብርሃን ያለውን በኩል ሁልጊዜ ለኔ ትሰጠኛለች። “ዓይንሽን ጠብቂ፤ የኔ እንደሁ አንዴ ተበልቷል” ትለኛለች። ያመለጠን ያ ክፍል ነው።

እቴቴ የኮሪደሩ እቁብ ዳኛ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት መኪኖቹ ሲቆሙ ሁሉም ሰው በእኛ በር ላይ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ የሳምንቱን ይጥላል፤ የተጠቀለሉት ስሞች የክር ማስቀመጫ የነበረ ቆርቆሮ ውስጥ ይገቡና እቴቴ አናውጣ አንዱን ታወጣለች። የደረሰው ሰው የሁላችንንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ስሙ ወደ ቆርቆሮው አይመለስም፤ መጣሉን ግን ዙሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ቀድሞ ለደረሰው እቁብ ብድር ነው፣ መጨረሻ ለሚደርሰው ቁጠባ ነው፤ ወለድ የለው፣ ፎርም የለው። የደረሰው ሰው ገና ካልደረሰው መካከል ዋስ ይጠራል፤ ገንዘቡ ገና እኛ ዘንድ ያለ ሰው ነዋ የሚያስተማምን። ሁለቱም ከበሉ በኋላ አንዱ ለሌላው ዋስ ቢሆን ወሬ ብቻ ነው።

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በእቁብ ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለ መኪና ሁሉ፣ የታችኛው ፎቅ የካውያው ጠረጴዛም ሳይቀር፣ ከዚያ ቆርቆሮ የወጣ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። ቅዳሜ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አልነበረም፤ የሁሉ ሰው ዓይን እያየው እንዴት ብሎ ይመጣል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሱሪ የሚሰፋ አንድ ሰው መጀመሪያ ደርሶት ወስዶ በሳምንቱ ሌላ ከተማ ገባ። ዋሱም እጅ ሲያጥረው እቴቴ ለማንም ሳትናገር የሱን እስከ ዙሩ መጨረሻ ከኪሷ ጣለች። ነገሩ ከታወቀ ወዲህ እሷን የሚጠራጠር ከተገኘ ራሱን ይጠራጠር ተባለ።

ታዲያ እቁብ አንድ መኪና ይገዛል እንጂ ሦስት አይገዛም። የሚመጣውም ሥራው በመጣ ቀን ሳይሆን ስምህ በወጣ ቀን ነው። ሥራ መጥቶ ዕጣው ያልወጣለት ሥራውን ሲሸኝ፣ ዕጣው ወጥቶ ሥራ የሌለው ደግሞ ገንዘቡን ሶፋ ሲያደርገው አይተናል። ባንክ ሄደን ነበር። የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “የምታስይዙት ቤት አላችሁ?” ቤት ቢኖረን እዚያ ምን እንሠራ ነበር።

እንዲህ እያለን ነው ማኅበር የሚባለው ነገር የመጣው። ከማደራጃ ቢሮ አንዲት ባለሙያ ተላከችልን፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ስትናገር የግድግዳውን ኖራ እየነካካች ልብሷን የምታነጣ። የቁጠባና ብድር ማኅበር ብናቋቁም ምን ምን እንደምናገኝ በየተራ አስረዳችን። እቁብ የደረሰውን በትኖ ከዜሮ ይጀምራል፤ የማኅበር ገንዘብ ግን አይበተንም፣ ተቀምጦ ይከማቻል። ብድሩ በወለድ ስለሚመለስ ይበልጥ ይፋፋል። ሕጋዊ ሰውነት ስላለው ደግሞ አመላለሱ ያማረ እንደሆነ ማኅበሩ ራሱ ከባንክ መበደር ይችላል፤ ቤት የሌለን ሰዎች በአንድ ላይ ስንቆም ባለ ቤት እንሆናለን ማለት ነው። ይህን ስትል እቴቴ እጄን ጨበጠችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው ያንን ክፍል ነው።

“እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አንድ ዕጣ ይገዛል” አለች ባለሙያዋ።

ኮፍያ የሚሰፋው ጎረቤታችን፣ እኛ ኮፍያው ነው የምንለው፣ እጁን አነሣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ለዝንብም ክፉ የማያስብ። “ይቅርታ፣ ዕጣ እንገዛለን ነው ያልሽው? ቅዳሜ እኮ በነጻ ነው የሚወጣልን” አለ።

ሕንፃው በሳቅ ተናጋ። ባለሙያዋም ሳቀች፤ ከዚያ ዕጣ ማለት በማኅበር ቋንቋ ድርሻ ማለት እንደሆነ፣ የባለቤትነታችን ልክ እንደሆነ፣ በዓመቱ ትርፍ ከተገኘ በሱ ልክ እንደምንካፈል አስረዳች። ብድር ሌላ ነው አለች። ለብድር ስድስት ወር መቆጠብ አለ፣ ከቁጠባው ሦስት እጥፍ አይበልጥም፣ ሁለት አባላት ዋስ ይሆናሉ፣ የዋሶቹም ቁጠባ ብድሩ እስኪያልቅ አይንቀሳቀስም። የብድር ኮሚቴው ደግሞ የአመልካቹን ሥራ ያያል፣ ይመልሳል አይመልስም ብሎ ይመዝናል። ኮሚቴው እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ ሌላም ብዙ ነገር ተናገረች፤ እኛ ግን ገና በኮፍያው ዕጣ እየሳቅን ነበር።

ዕጣችንን ገዛን። እቁቡንም አልተውንም፤ ቅዳሜ ለእቁብ፣ የወር መጨረሻ ለማኅበር። ለብድር ኮሚቴው ሦስት ሰው ሲመረጥ የመጀመሪያው እጅ ሳይነሣ የእቴቴ ስም ተጠራ። ሁለተኛው ታች የሚተኩሰው ጋሼ ካውያ ሆነ፤ ሦስተኛዋ ከእኛ ፊት ለፊት ያለችው መጋረጃ ሰፊ። እቴቴ ሰብሳቢ ሆነች። ሰው ሁሉ ግን አሁንም “ዳኛ” ነው የሚላት።

ስድስቱ ወር እንዳለፈ የትምህርት ቤቱ ሥራ መጣ። ከአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ዩኒፎርም የሚያሠራ ኃላፊ ናሙና ጠይቆኝ ነበርና ሰፍቼ ወሰድኩለት። ስፌቱን ገልብጦ አየ፣ ክሩን ሳበ፣ ኪሱን ጎተተ። “ሥራው የናንተ ነው” አለኝ። “ግን በሁለት መኪና ይህን ሁሉ ለትምህርት መክፈቻ አታደርሱም። የወሩ መጨረሻ መጥቼ መኪናችሁን አይቼ ነው ውል የምፈርመው።” ኦቨርሎክና የቁልፍ ቀዳዳ መስፊያ ያስፈልገኛል፤ ከዚያም ሰፊው ክፍል። የሦስት እጥፉ ብድር ለመኪኖቹ ልክክ ይላል፤ ለክፍሉ ቀብድ ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ይወጣል። ለእቴቴ ስነግራት አልቅሳ ነበር፤ መርፌ ወጋኝ ብላ አሳበበች እንጂ።

አመለከትኩ። ሌሎች አራት ሰዎችም አመለከቱ። ከነሱ ውስጥ ሥራ በእጁ የያዘ አልነበረም፤ ስድስት ወሩ ስለሞላ ብቻ፣ የሌላው ሲገባ የኔ ለምን ይቀራል ብለው ነው። በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ለአንድ ሰው ሙሉ ብድር እንጂ ለሁለት አይበቃም።

ኮሚቴው በእኛ ክፍል ተሰበሰበ። እኔ አመልካች ነኝና ወጣሁ። ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ መጋረጃ ሰፊዋ ናት፤ ስትነግረኝ ደግሞ ዓይኔን አላየችም።

መጀመሪያ የተናገረችው እሷው ነበረች። “ሥራ በእጇ ያለ አንድ ሰው ናት። ምኑን እንመዝናለን?”

እቴቴ መቀሷን ከጠረጴዛው አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። “እህቴ ናት” አለች።

“ብትሆንስ?” አለ ጋሼ ካውያ።

“ብትሆንስ አይባልም። ስንት ዓመት ሙሉ ይህ ኮሪደር ገንዘቡን እጄ ላይ ሲጥል አንድ ቀን ጥያቄ አንሥቶ አያውቅም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ብድር ለዳኛዋ እህት ከተሰጠ ነገ ማን ያምነኛል? አራቱንስ ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው? በየበራቸው እየዞርኩ አይሆንም ልበል?”

ከዚያ ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ ቆርቆሮውን አወረደች። “ዕጣ ገዝተን የለ? ዕጣ ይውጣ” አለች።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ደስ አላቸው። ለአራት ጎረቤት አይሆንም ከማለት፣ ለአንዱ ደግሞ ይገባሃል ከማለት ተገላገሉ። ቆርቆሮ ማንንም አያስቀይምም። እቁብ ላይ ትክክል ነው፤ እቁብ ላይ ገንዘቡ የሁሉም እኩል ነው፣ ተራው ብቻ ነው የሚለያየው፣ ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል። ብድር ግን ሠርቶ ለሚመልስ ሰው ነው እንጂ የተራ ጉዳይ አይደለም። ይህን አሁን ማንም ያውቀዋል።

ለኮፍያው ወጣ።

ሲነገረው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የደነገጠ ይመስላል። “እኔ እኮ ሁሉም ሲጽፍ ነው የጻፍኩት” አለ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዕጣ የወጣለት ሰው አልፈልግም ሲል ታይቶ አይታወቅም፤ እሱም አላለም። ሁለት ዋስ ሲባል እቴቴ ራሷ ፈረመች። እቁብ ላይ እንደለመደችው፤ ዳኛ ለሁሉ ዋስ ነው። ሁለተኛው ጋሼ ካውያ ሆነ።

እኔ ግን ገና ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። እቁብ ላይ ዕጣ ይሸጣል። የቸገረው ሰው ለወጣለት ሰው ትንሽ ትርፍ ሰጥቶ ተራውን ይለዋወጣል፤ ማንም አይከፋበትም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮፍያው ክፍል ገባሁ። የኮፍያ ግንባር የሚሆን ካርቶን እየቆረጠ ነበር። ነገሩን ስነግረው ፊቱ በራ፤ ሸክም ያወረድኩለት ነው የመሰለው።

“ውሰጂው የኔ እመቤት። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ምን ላደርግበት ነው ብዬ ሳስብ ነው ያደርኩት። ትርፍም አልፈልግ፤ ባይሆን ለልጄ ዩኒፎርሟን ትሰፊልኛለሽ።”

አብረን ወደ እቴቴ መጣን። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች፤ መኪናው ቆመ። ኮፍያው ነገራት።

“አይሆንም” አለች።

በሕይወቴ ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም ለኔ።

“ብድሩ በስሙ ነው የጸደቀው። ዋሶቹም የፈረምነው ለሱ ነው። ብድር አይሸጥም፤ ይሄ እቁብ አይደለም።”

“እቁብ አይደለም?” አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሄዷል። “ቆርቆሮውን ስታወርጂ እቁብ ነበር። አሁን እኔ ስመጣ ማኅበር ሆነ?”

“እሱ ይመልሰውና እንደገና እንየው ካላችሁ…”

“እንደገና ስናየውስ ለኔ ትሰጪኛለሽ?”

እንደገና ቢታይም ያው ቆርቆሮ እንደሚወርድ ሦስታችንም ገብቶናል። ኮፍያው ካርቶን የያዘ እጁን አየ፤ “እንግዲያው ለሌላ ሰው ከምመልሰው…” ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ። አልፈረድኩበትም። እኔ ያረርኩት እቴቴ ትክክል በመሆኗ ነው፤ ብድር በእርግጥም አይሸጥም። ደንቡን አንዴ ብቻ አከበረችው፣ እሱንም እኔ ላይ።

የወሩ መጨረሻ ኃላፊው ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡትን ሁለት መኪኖች አየ፣ ወንበሮቹ መካከል የሚያልፍበት አጥቶ በሩ ላይ ቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም። “እጃችሁ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ጊዜ የለኝም” አለ። ሥራው ከወንዙ ማዶ ላለ ትልቅ ፋብሪካ ሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰፊውን ክፍል የካርቶን ነጋዴ ተከራየውና መስኮቶቹን እስከ ጣሪያው በካርቶን ሞላቸው። ከምሳ በኋላ መውጣት ተውን።

ኮፍያው በብድሩ ኮፍያ ላይ ስም የሚጠልፍ መኪና ገዛ። ሻጩ አታሎት አይደለም፤ መኪናው ጥሩ ነው፣ ደንበኛው ነው ያልነበረው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ትእዛዝ መጣለት። ከዚያ ከውጭ የሚገባ የተጠለፈ ኮፍያ በገበያው ረከሰ፤ ሰው እሱ ክር በሚገዛበት ዋጋ ኮፍያ ከነጥልፉ ይገዛል። ጥቂት ወር ከፈለ፤ አንዱን ወር ዘለለ፤ ከዚያ ቆመ። መኪናዋ አሁን አንሶላ ለብሳ ግድግዳው ጥግ ቆማለች።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ኮፍያው የእቁቡን አንድም ቅዳሜ አላጎደለም። ቅዳሜ ዓይናችን አለ፣ እቴቴ እጇን ትዘረጋለች፣ ሰው እንዴት እምቢ ይላል። የማኅበሩ ክፍያ ግን ባንክ ነው የሚገባው፤ የባንክ መስኮት አያፍሩትም። “ለእናንተ እንዳላሳፍር ብዬ እኮ ነው እቁቡን የማስቀድመው” አለኝ አንድ ቀን። ማኅበሩም እኛው እንደሆንን ልነግረው ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

አንድ ሰው ሲያቆም ሌላው “እሱስ?” ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ትንንሽ የተበደሩትም እጃቸውን ሰበሰቡ። ዕዳም ዋስትናም የሌለባቸው አንዳንዶች ቁጠባቸውን አውጥተው ለቀቁ፤ አላጠፉም፣ ገንዘባቸው ነው። ባንክ በማኅበሩ ስም ስንሄድ ያዩት አመላለሳችንን ነው፤ አይተውም መለሱን። ባለ ቤት እንሆናለን ያልነው ሳይሆን ቀረ።

ባለሙያዋ ተመልሳ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሒሳቡን አጣራች፣ ጉባኤ አስጠራች፣ ኮፍያው ዕዳውን በትንሽ በትንሹ እንዲከፍል አዲስ ውል አስፈረመችው። “የመጀመሪያውን ብድር እንዴት ነበር የመዘናችሁት?” ብላ ስትጠይቅ እቴቴ ቆማ “በዕጣ” አለች። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “እንዴ፣ ዕጣ ማለት እኮ…” ብላ ተወችው። በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እኛ ማኅበር ውስጥ ዕጣ የሚል ቃል አይነገርም፤ ድርሻ ነው የምንለው።

እቴቴ ከኮሚቴው ወረደች። በሷ ቦታ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምላሴን ፈልገው መሰለኝ። አሁን ሰው ሲያመለክት ሥራህን አሳየን እንላለን፣ ክፍሉ ድረስ ሄደን እናያለን፣ የኮሚቴ ሰው ዋስ አይሆንም፣ የማይሆነውን አይሆንም እንላለን። ማኅበሩ አልሞተም። ከመጋረጃ ሰፊዋ ቀጥሎ ያለች ጎረቤታችን በብድር ኦቨርሎክ ገዝታ ከነወለዱ ጨርሳ ከፍላለች። ቀስ እያለ ያገግማል፤ እኔ ግን ያገገመ ነገር ሳይ ሁሉ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል። ያኔ እንደዚህ ብናደርግ ኖሮ እላለሁ፤ ከዚያ ሥራዬን እሠራለሁ።

ባለፈው ወር መጨረሻ የእቴቴ ማመልከቻ መጣ። ዓይኗ ደክሟል፤ ክር በመርፌ የማስገባላት እኔ ነኝ፣ ስፌቷ መጣመም ጀምሯል፣ ደንበኞቿም ስለሚወዷት ሳይነግሯት መቅረት ጀምረዋል። ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ሱቅ ተለቃ ነበርና እሷን ይዛ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ ልትሸጥ ፈለገች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሕንፃው ሙሉ ሰፊ ነው፤ ክር ፍለጋ ገበያ የሚወርደው ሁሉ እግሩን ያሳርፋል። ኮሚቴው ላይ ባልሆን ኖሮ እኔው ዋስ ሆኜ እፈርምላት ነበር።

ስብሰባው ታች በጋሼ ካውያ ክፍል ሆነ። የሷ ስም ሲነበብ ተነሣሁ።

“የት?” አለ ጋሼ ካውያ።

“እህቴ ናት። ደንቡ ዘመድ ይውጣ ይላል።”

ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። እቴቴ ከበሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ውሳኔ ትጠብቃለች። ስታየኝ ቦርሳዋን ከአጠገቧ አንሥታ ቦታ ሰጠችኝ።

“ጨረሳችሁ?”

“አይ። የኔ ዘመድ ስለሆንሽ እኔ እወጣለሁ፤ እነሱ ይወስናሉ።”

“አሁን የመጣ ደንብ ነው?”

ልዋሻት ነበር። “ከመጀመሪያውም ነበር” አልኳት። “ባለሙያዋ ልጅ ያኔ ነግራናለች። እኛ እየሳቅን ነበር።”

እቴቴ በሩን አየችው። ተራ የእንጨት በር ነው፣ ቀለሙ የተላጠ፣ እጀታው የላላ። ብዙ ጊዜ አየችው።

“ማለት፣ ያን ቀን” አለች ቀስ ብላ፣ “እኔ እንዲሁ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ? ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።”

“እነሱ ይወስኑ ነበር።”

“ይወስኑ ነበር፣ እቴቴ።”

መጋረጃ ሰፊዋ ያን ቀን ምን ብላ እንደነበር እቴቴ ታስታውሳለች፤ እኔም ሰምቻለሁ። ምን ይወስኑ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ለዓመታት ያብሰለሰልኩት ቁጣ ሁሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ጥሎኝ ጠፋ፤ የቀረኝ ማዘን ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ካውያ ላቡን በመሐረቡ እየጠረገ ወጣ፤ ትንሽ ቆመና ፊት ለፊቷ መጣ።

“ዳኛ፣ አይሆንም” አለ። “ቁጠባሽ በኮፍያው ብድር ዋስትና ተይዟል። የኔም እንዳንቺው ነው። እሱ እስኪጨርስ ድረስ ባዶ እንደሆነ ነው የሚቆጠረው። ሱቋም እስከዚያ አትጠብቅሽም። አዝናለሁ።”

“እሺ” አለች እቴቴ። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። “ከበደህ?”

“ምኑ?”

“አይሆንም ማለቱ።”

ጋሼ ካውያ አሰበበት። “ከብዶኛል። ግን ይኸው፣ አልኩት” አለ።

ደረጃውን ወጥተን ወደ ክፍላችን ተመለስን። ኮፍያው በሩ ላይ ቆሞ አይቶን ሰላም ሊል አፉን ከፈተና ተመልሶ ገባ። ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። ክሩን በመኪናዋ መርፌ አስገባሁላትና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፤ የኔን መኪና ለማስነሣት እግሬን መርገጫው ላይ አደረግሁ። ያኔ የወንበሬ መደገፊያ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ እንደ ልማዴ የሷ መኪና ተነሥቷል ብዬ አሰብኩ። ግን ምንም ድምፅ የለም። መኪናዋ እንደቆመ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው የሷ ጀርባ ነው።